ጥያቄና መልስ፦ ቋሚው የሽግግር ፍጥነት ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ አቶም በብርሃን ከአንድ የኢነርጂ ደረጃ ወደ ሌላ የሚሸጋገርበትን ዕድል P አሰላሁ፤ ሬዞናንስ ላይ፣ ማለትም የብርሃኑ ፍሪኩዌንሲ ከሽግግሩ ጋር ሲገጥም፣ P = Ω²t²/4 አገኘሁ። Ω መስኩ አቶሙን የሚነካበት ጥንካሬ ነው። በጊዜ ባካፍለው ፍጥነቱ ራሱ እያደገ ይሄዳል። ቋሚ ፍጥነት የሚሉት የታለ?

ስሌትህ ልክ ነው፣ ወንድሜ። አንድ ጥርት ያለ ፍሪኩዌንሲና አንድ ጥርት ያለ ደረጃ ብቻ ይዘህ ቋሚ ፍጥነት አታገኝም። ከሬዞናንስ በΔ ስትርቅ ዕድሉ P = (Ω²/Δ²)sin²(Δt/2) ይሆናል። ይህን በΔ ላይ ሳለውና እየው። መሃል ላይ ጉብታ አለ። ጊዜ ሲገፋ ቁመቱ በt² ያድጋል፣ ወርዱ ደግሞ በ1/t ይጠባል። ስለዚህ ከጉብታው ስር ያለው ስፋት የሚያድገው በt ብቻ ነው። ብርሃኑ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ካለው ወይም የላይኛው ደረጃ ወርድ ካለው፣ የምንደምረው ይህን ስፋት ነው። ቋሚው ፍጥነት የሚወለደው እዚህ ጋ ነው። ይህን ቋሚ ፍጥነት የሚሰጠው ሕግ የፌርሚ ወርቃማ ሕግ ተብሎ በፌርሚ ስም ቢታወቅም፣ ስሌቱን በ1927 የሠራው ዲራክ መሆኑ ሊነገርለት ይገባል።

ጥያቄ፦ ሃይድሮጅንን ከ1s ወደ 2p በኮምፒውተር እያሰላሁ ነው። መስኩ 1000 ቮልት በሜትር ነው። 40 ናኖሰከንድ ላይ ዕድሉ ከ1 በለጠብኝ። ኮዴ ተበላሽቶ ይሆን?

ኮድሽ ደህና ይመስላል፤ ያለቦታው የገባው P = Ω²t²/4 የሚለው ቀመር ነው። በዚህ መስክ Ω ወደ 6×10⁷ በሰከንድ ነው። 40 ናኖሰከንድ ላይ Ωt 2.4 ይደርሳል፣ P ደግሞ 1.44። ቀመሩ የወጣበት የመጀመሪያ ደረጃ ግምታዊ ስሌት ግን የሚያገለግለው P በጣም ትንሽ እስከሆነ ድረስ ነው።

ከዚያም በፊት ሌላ ነገር ይመጣል። 2p የሚቆየው 1.6 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ደረጃው የሚበሰብስበት ፍጥነት፣ ወርዱም የሆነው Γ፣ 6.3×10⁸ በሰከንድ ነው፣ ከΩ አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሬዞናንስ ላይ ፍጥነቱ R = Ω²/Γ ነው፤ ስታሰይው በሰከንድ 5.7×10⁶ ገደማ ይወጣል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። መስኩን እጥፍ አድርጊ፣ ፍጥነቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ካልሆነ መስኩ ደካማ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው። በ10,000 ቮልት በሜትር Ω ከΓ ጋር ይቀራረባል፣ ቀመሩም አይሠራም።

ጥያቄ፦ ደካማ ማለት የፎቶኑ ኢነርጂ ትንሽ ነው ማለት አይደል?

አይደለም። እዚህ ፎቶኑ 10.2 ኤሌክትሮን ቮልት አለው፣ መስኩ ግን ደካማ ነው። የሚታየው Ω ከΓ አንጻር ነው።

ጥያቄ፦ ከ1s ወደ 2s ዜሮ ወጣልኝ። እንግዲህ ይህ ሽግግር በፍጹም አይሆንም።

ግማሹ ልክ ነው። በአንድ ፎቶን የኤሌክትሪክ ዳይፖል ሽግግር ዜሮ ነው፣ ሁለቱም ደረጃዎች እኩል ፓሪቲ ስላላቸው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ግምታዊ ስሌት ስትሄድ ግን ሁለት የ243 ናኖሜትር ፎቶኖች ያደርሱሃል። በላብራቶሪም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የእኔ ሌዘር ወርዱ ከΓ ጋር እኩል ነው። R ስንት ይሆናል?

የሌዘርህ ስፔክትረም ሎሬንዚያን ከሆነ ሁለቱን ወርዶች ደምር፤ R በግማሽ ይወርዳል። ቅርጹን ግን አልነገርከኝም፣ ሌላ ቅርጽ ከሆነ መልሱ ይለያል። ለክተኸው ከሆነ ጻፍልኝና አብረን እናስላው።