ዛፉን የት ልቁረጠው?

«በጅማ ከጎማና ከማና ወረዳዎች የሰበሰብኳቸውን 12 የቡና ናሙናዎች ዴንድሮግራም ሠራሁ። ስንት ምድብ እንዳለ በምን ልወቅ?»

ወዳጄ፣ ዴንድሮግራም የሚመሳሰሉ ናሙናዎችን ደረጃ በደረጃ የሚያዋህድ የዛፍ ሥዕል ነው። ከታች ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ ተወው። ቅርንጫፍ ሲዞር ቦታው ይቀየራል። ቁም ነገሩ ቅርንጫፎቹ የተገናኙበት ከፍታ ነው፤ የተዋሃዱት ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚነግርህ እሱ ነው። በለጠፍከው ሥዕል የመጀመሪያዎቹ 9 ውህደቶች እስከ 2.0 ድረስ አልቀዋል። ቀጣዩ 5.2 ላይ፣ የመጨረሻው 6.1 ላይ ነው። ትልቁ ክፍተት ከ2.0 እስከ 5.2 ያለው ነው። 3.5 ላይ አግድም መስመር አስምር። 3 ቀጥ ያሉ መስመሮችን ይቆርጣል፤ ምድቦችህ 3 ናቸው ማለት ነው።

ግን የማሳውን ከፍታ በሜትር፣ የፍሬውን እርጥበት በመቶኛ እንዳለ አስገብተህ ከሆነ ይህን አትመነው። በሜትር ያለው ልዩነት በቁጥር ትልቅ ስለሆነ በናሙናዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ብቻውን ይወስነዋል። እያንዳንዱን መለኪያ በራሱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አካፍልና ዛፉን እንደገና ሥራ። ያኔ ክፍተቱ ከጠፋ፣ የለየኸው ቡናውን ሳይሆን ዳገቱን ነበር።