ስፖንሰር ያለበት ቪዲዮ፦ ሳጥኑ ላይ ምልክት ማድረግ ዕይታ ይቀንሳል?

«የምግብ ቻናል አለኝ። አንድ ሱቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ በነጻ ሰጥቶኝ ትንሽ ገንዘብም ጨመረልኝ። ዩቲዩብ ላይ የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጸውን ሳጥን ከነካሽ ቪዲዮሽን ይቀብረዋል አሉኝ። ታች ዲስክሪፕሽን ላይ ብቻ ብጽፈው አይበቃም? ተመልካቾቼ አብዛኞቹ አሜሪካ ናቸው።»

እህቴ፣ ሳጥኑን ሳትፈሪ ንኪው። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ ለአማርኛ ቻናሎች ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፤ ይሄን ወሬ ያልሰማ ደንበኛ የለኝም።

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የቪዲዮው ዝርዝር ላይ «Show more» ስትዪ «Paid promotion» የሚል ቦታ ታገኛለሽ። እዚያ ምልክት ካደረግሽ ቪዲዮው ሲጀምር «Includes paid promotion» የሚል ጽሑፍ ለ10 ሰከንድ ይታያል። የዩቲዩብ ማስታወቂያ እንደወትሮው መግባቱን ይቀጥላል። ምናልባት ከስፖንሰርሽ ጋር የሚጋጭ ማስታወቂያ ካለ በሌላ ይተካው ይሆናል። ለየት የሚለው የልጆች ነገር ነው፤ ምልክት ያለበት ቪዲዮ ዩቲዩብ ኪድስ ላይ አይቆይም። የአንቺ ግን የምግብ ቻናል ስለሆነ አይመለከትሽም።

«ዕይታዬ ወረደ» ለሚሉኝ መጀመሪያ የማሳያቸው አናሊቲክስ ውስጥ ያለውን ሰው እስከ የት እንዳየ የሚያሳየውን መስመር ነው። አንዷ ደንበኛዬ ገና ሽንኩርቱ ድስት ሳይገባ ስለ ሱቁ ማውራት ጀመረች። መስመሩ እዚያው ቁልቁል ወርዶ ወሬው ሲያልቅ መልሶ ትንሽ ከፍ አለ። ሰው እየዘለለው ነበር ማለት ነው። በሌላው ቪዲዮዋ ያንኑ ነገር ዕቃውን እየተጠቀመችበት ተናገረችው፤ መስመሩ ብዙም አልተነቃነቀም። ሳጥኑ ሁለቱም ላይ ምልክት ነበረበት። አንቺም ሊጡን ምጣዱ ላይ እያዞርሽ፣ ዓይን ሲያወጣ እያሳየሽ ተናገሪ። ያን ጊዜ ማን ይዘላል?

ዲስክሪፕሽን ብቻውን ግን አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ ይሄን የሚቆጣጠረው ኤፍቲሲ የሚባለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። በ2016 ዋርነር ብራዘርስን የያዘበት ጉዳይ ልክ የአንቺን ጥያቄ ይመልሳል። ኩባንያው አንድ የቪዲዮ ጌም እንዲያስተዋውቁለት ለታወቁ ዩቲዩበሮች ከፍሎ ነበር፤ ፒውዲፓይም ነበረበት። ስፖንሰር መኖሩን ዲስክሪፕሽን ላይ ጻፉ ተባሉ። ተጽፎም ነበር፣ ግን «Show more» ካልተነካ አይታይም። ቪዲዮው ፌስቡክ ወይም ትዊተር ላይ ሲጋራ ደግሞ ጭራሽ አብሮ አይሄድም። እነዚያ ቪዲዮዎች ከ5.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይተው ነበር። የኛ ሰው ቪዲዮ የሚቀባበለው በቴሌግራም አይደል? ነገሩ ያው ነው።

ሳጥኑም ቢሆን በኤፍቲሲ ዓይን ብቻውን ላይበቃ ይችላል። መመሪያው የሚለው ቪዲዮው ውስጥ ይነገር፣ ለማለፍ የማይመች ይሁን፣ ዕቃው በተወደሰበት ቋንቋ ይሁን ነው። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ሙሉ ቪዲዮው በአማርኛ ሆኖ ጥግ ላይ «#ad» መለጠፍ ለእናቶቻችን ምን ይነግራቸዋል? «እገሌ ሱቅን ከልብ እናመሰግናለን» የሚለው የለመድነው አነጋገርም አያድንም፤ ባዶ ምስጋና ክፍያ መኖሩን አይናገርም።

ስለዚህ ምጣዱን ከማሞገስሽ በፊት እንዲህ በዪ፦ «ይሄን ምጣድ ሱቁ በነጻ ሰጥቶኛል፤ ለቪዲዮውም ከፍሎኛል።» አለቀ። ድምፅ ዘግቶ የሚያይም ስላለ ያንኑ በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አውጪው። ባይከፍሉሽና ምጣዱን ብቻ ቢሰጡሽም መናገር አለብሽ፤ በነጻ የመጣ ዕቃም እንደ ክፍያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሳጥኑ ይልቅ ጣጣ የሚያመጣው እሱ ነው። አንዳንድ ሱቅ ለቴሌቪዥን ያሠራውን፣ ዘፈን ያለበትን ማስታወቂያ ልኮ «መሃል ላይ አስገቢልኝ» ይላል። እሺ እንዳትዪ። አስተዋዋቂው ራሱ ሠርቶ የላከውን የቪዲዮ ማስታወቂያ ቆርጦ መክተት ዩቲዩብ ይከለክላል፣ ሳጥኑ ላይ ምልክት ብታደርጊም። በዚያ ላይ ዘፈኑ የሌላ ሰው ከሆነ የቅጂ መብት ጥያቄ የሚመጣው አንቺ ቻናል ላይ ነው። በራስሽ አንደበት፣ በራስሽ ካሜራ ብትሠሪው ግን ችግር የለውም። ሱቁ የግድ ስማችን በጽሑፍ ይውጣ ካለ፣ የማይንቀሳቀስ ምስል መጀመሪያው ላይ ከ5 ሰከንድ ሳታስበልጪ ማሳየት ይቻላል። ገንዘቡን ከመቀበልሽ በፊት ይሄን ንገሪያቸው።