የደመወዝ አድቫንስ ጠይቄ ማመልከቻዬ ተመለሰብኝ፤ ምን ላስተካክል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጠበቃ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት መጋዘን ነው የምሠራው። ደመወዜ 12,000 ብር ነው፤ ታክስና ጡረታ ተቀንሶ 8,910 ይቀረኛል፣ ከዚያ ላይ 500 ብር ለሠራተኞች ቁጠባና ብድር ይቆረጣል። የተከራየሁት ቤት በኮሪደር ልማት ሊፈርስ ስለሆነ እስከ ጥቅምት 20 መውጣት አለብኝ። ያገኘሁት ቤት በወር 3,500 ነው፤ አከራይዋ የሦስት ወር በቅድሚያ ይጠይቃሉ። ለድርጅቱ ‹ባጋጠመኝ ከባድ ችግር ምክንያት 15,000 ብር በቅድሚያ ተሰጥቶኝ ከደመወዜ ቀስ በቀስ እንዲቆረጥ በትሕትና እጠይቃለሁ› ብዬ ጻፍኩ። ፋይናንስ ‹ዝርዝር የለውም› ብሎ መለሰው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ‹ግማሽ ደመወዝህ በየወሩ ይቆረጥ ካልክ እናየዋለን› አሉኝ። ሕጉ ምን ይላል? ማመልከቻውንስ እንዴት ልጻፈው? እጄ ላይ ያለችው 1,500 ብር ብቻ ናት።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የማትወደውን ልንገርህ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪህ የደመወዝ ቅድሚያ እንዲሰጥህ አያስገድደውም። ስለዚህ መብት እንደሚጠይቅ ሰው ሳይሆን ሰው እንደሚያሳምን ሰው ነው የምትጽፈው። አንድ ነገር ግን ቀድመህ አጣራ። ድርጅታችሁ የኅብረት ስምምነት ወይም የውስጥ የሥራ ደንብ ካለው ከሰው ሀብት ክፍል ወይም ከማኅበር ተወካያችሁ ጠይቀህ አንብበው፤ ብዙ ድርጅቶች ስለ ቅድሚያ ክፍያ አንድ አንቀጽ አላቸው፣ ስንት ወር ያገለገለ፣ እስከ ስንት ብር፣ በስንት ወር የሚመለስ የሚል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካገኘህ ቁጥሩን ማመልከቻህ ላይ ጥቀሰው። ያን ጊዜ ጉዳዩ ከልመና ይወጣል።

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ «ግማሽ» ልምጣ። ይህ አይሆንም። የአዋጁ አንቀጽ 59 ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ ያለ አንተ የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝህ ሰባራ ሳንቲም አይቆረጥም። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። «በማናቸውም ሁኔታ» የምትለዋን ቃል ያዛት። አንተ ራስህ ጨንቆህ «ግማሹን ቁረጡ» ብለህ ብትፈርም እንኳ ከሲሶው በላይ ያለው ሕጋዊ አይሆንም። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ስትነግራቸው በክርክር መልክ አይሁን። ማመልከቻህ ላይ ራስህ ከሲሶ በታች አድርገህ ጻፈው፣ ፋይናንስ ይገባዋል።

ሲሶው ከየትኛው ደመወዝ ላይ ይሰላ ለሚለው፣ ከ12,000 ካሰብከው 4,000 ይሆናል፤ እጅህ ላይ ከሚደርሰው 8,910 ካሰብከው ደግሞ 2,970። የኔ ምክር በዝቅተኛው እንድትሄድ ነው፤ በየትኛውም ስሌት ማንም አይከራከርህም። ለቁጠባና ብድር የሚቆረጠው 500 ብርም እዚያው ውስጥ መታሰቡን አትርሳ፣ ምክንያቱም ሕጉ የሚያየው ጠቅላላ ተቆራጩን ነው። ስለዚህ ለዚህ ቅድሚያ በወር ልታስቆርጥ የምትችለው ቢበዛ 2,470 ብር ነው።

ቀጥሎ ምክንያቱ። «ከባድ ችግር» የሚለውን ሐረግ ሰዎች የሚጽፉት አክብሮት ይመስላቸዋል፣ ገመናቸውንም መሸፈን ይፈልጋሉ፣ ይገባኛል። ነገር ግን የሚፈርመው ሰው ያንን አንብቦ ምን ሊወስን ይችላል? ነገ ሌላው ሠራተኛ «እኔም ከባድ ችግር አለብኝ» ቢለው በምን ይለያችኋል? አንተ እኮ ከሁሉ የተሻለ ምክንያት አለህ፤ ቀን ያለው፣ ወረቀት ያለው፣ ዋጋው የታወቀ። አከራይህ ስለ ቤቱ መፍረስ የደረሳቸው ደብዳቤ ካለ ፎቶ ኮፒውን ለምናቸውና አያይዘው።

15,000ም ብዙ ነው። ሦስት ወር ኪራይ 10,500 ነው፤ ቀሪውን 4,500 «ለአንዳንድ ነገር» እንዳሰብከው ፋይናንስ ገና ሲያየው ይገባዋል። ደግሞ አንድ የማታውቀው ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ለአዲሷ አከራይ ይህን በለዘበ አንደበት ንገራቸው፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበትና ወረዳ ስትሄዱ ለእሳቸውም ቢሆን የሦስት ወር ቅድሚያ የተጻፈበት ውል አያምርም። እሺ ካሉ ሁለት ወር 7,000 ብር ነው። ዕቃ ለመጫንና ለማውረድ 1,500 እንያዝ። ጠቅላላ 8,500። አንተ ያለህን 1,500 ስትጨምርበት የሚጎድልህ 7,000 ብር ብቻ ነው። አየህ፣ ጥያቄህ ከግማሽ በታች ወረደ። ያለህንም ማዋጣትህን ጻፍ፤ የራሱን ገንዘብ የጨመረ ሰው ላይ እምነት ይጣላል።

አከፋፈሉ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው። «ቀስ በቀስ» ማለት ለፔሮል ሠራተኛው ምንም ማለት አይደለም። እሱ የሚፈልገው ከየትኛው ወር ጀምሮ፣ በየወሩ ስንት፣ በየትኛው ወር ያልቃል የሚለውን ነው። 7,000ን ለአምስት አካፍለህ 1,400 ብትለው ያስኬዳል። እኔ ግን ሌላ መንገድ አለኝ። የኅዳርና የታኅሣሥ ኪራይህ አስቀድሞ ተከፍሏል። ስለዚህ የጥቅምትና የኅዳር ደመወዝህ ላይ የኪራይ ወጪ የለብህም፣ በእነዚህ ሁለት ወራት 2,000 ብር ብታስቆርጥ ትችላለህ። ከቁጠባው 500 ጋር 2,500 ይሆናል፣ ከ2,970 በታች ነው። እጅህ ላይ 6,410 ይቀራል። ከታኅሣሥ ደመወዝ ጀምሮ የጥርን ኪራይ ራስህ ስለምትከፍል ተቆራጩ ወደ 1,000 ይውረድ፤ ሦስት ወር፣ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት። ያን ጊዜ 7,410 ይደርስሃል፣ ኪራይ ከፍለህ 3,910 ይቀርሃል። ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ትኖርበታለህ፣ በየካቲት ደግሞ ይዘጋል። በሁለተኛው ወር «እባካችሁ ተቆራጩን ቀንሱልኝ» ብሎ የሚመለስ ሰው ሁለተኛ አይፈቀድለትም፣ ስለዚህ የማትችለውን አትጻፍ።

ማመልከቻው እንዲህ ይሁን፤ ስምና መታወቂያ ቁጥርህን ሙላበት።

ቀን፦ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ 7,000 ብር የደመወዝ ቅድሚያ ክፍያ ስለመጠየቅ

በድርጅቱ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ። የተከራየሁት ቤት በልማት ምክንያት ስለሚፈርስ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም ለቅቄ እንድወጣ ተነግሮኛል፤ የደብዳቤው ቅጂ ተያይዟል። ለአዲሱ ቤት የሁለት ወር ኪራይ 7,000 ብር እና ለዕቃ ማጓጓዣ 1,500 ብር፣ በድምሩ 8,500 ብር ያስፈልገኛል። ከዚህ ውስጥ 1,500 ብር በራሴ የምሸፍን ሲሆን ቀሪው 7,000 ብር እስከ ጥቅምት 15 ድረስ በቅድሚያ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።

ገንዘቡ ከጥቅምትና ከኅዳር ደመወዜ በየወሩ 2,000 ብር፣ ከታኅሣሥ፣ ከጥርና ከየካቲት ደመወዜ በየወሩ 1,000 ብር ተቆርጦ በየካቲት 2018 ዓ.ም እንዲጠናቀቅ ተስማምቻለሁ። ለቁጠባና ብድር ከሚቆረጥብኝ 500 ብር ጋር ተደምሮ ከአንድ ሦስተኛ ደመወዜ አይበልጥም። ከዚያ በፊት ሥራ ብለቅ ያልተከፈለው ገንዘብ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ከመጨረሻ ክፍያዬ እንዲታሰብ፣ ቀሪ ካለም ራሴ እንድከፍል ተስማምቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር፣ «ሥራ ብለቅ» የምትለዋን፣ አትፍራት። ፈቃጁ በልቡ የሚያስበው እሱን ነው፤ ገንዘቡን ወስዶ ቢጠፋስ? አንተ ቀድመህ ስትመልስለት ሌላ ዋስትና ለመጠየቅ ምክንያት ያጣል። «ሕጉ በሚፈቅደው መጠን» የሚለውን ግን እንዳትሰርዘው፣ እሱ የአንተ መከላከያ ነው።

ዋስትና ካነሱ ሁለት ነገር እንዳትፈርም። ቀን ያልተጻፈበት የሥራ መልቀቂያ አንዱ ነው፤ ባሻቸው ቀን ቀኑን ሞልተው በፈቃዱ ለቀቀ ሊሉህ ይችላሉ። ሌላው ባዶ ቼክ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት የወንጀል ጉዳይ ነው፣ ለ7,000 ብር ወደዚያ አይገባም። የሥራ ባልደረባ ዋስ ይሁን ካሉ ግን የተለመደ ነው፣ ጉዳት የለውም።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አትምና መዝገብ ቤት አስገባ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስመትተህ ያዘው። ሲፈቀድም በቃል «እሺ ተብሏል» አይብቃህ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፣ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ መክፈልህንም ስታስረዳ እንደዚያው ነው። ስለዚህ የፈቃድ ደብዳቤውን ቅጂና እስከ የካቲት ያሉትን አምስት የደመወዝ መግለጫዎች አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣቸው።

የጥቅምት ደመወዝ ሲገባ መግለጫውን በዚያው ቀን እየው። ከ2,000 በላይ ተቆርጦ ከሆነ ወይም በመጋቢት ላይ ቅነሳው ካልቆመ ወዲያውኑ በጽሑፍ ለሰው ሀብት አመልክት። ዝም ብለህ አትቆይ፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ስድስት ወር ደግሞ ሳታውቀው ነው የሚያልፈው።