ታችኛው መስመር ላይ ምን ይጻፍ? የሞት ምክንያት አሞላል ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ተረኛ አይደለሁም። የሞት ምክንያት ስትሞሉ የተቸገራችሁበትን ካርድ ይዛችሁ ጠይቁኝ። የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር ግን እንዳታስገቡ።

ከቡሬ፣ ጠቅላላ ሐኪም፦ «ዶክተር፣ የ46 ዓመት ሴት ናት። የልብ ቫልቭ ችግርም ስኳርም ነበረባት። በስትሮክ ገብታ በ12ኛው ቀን አረፈች። ሀ ላይ ካርዲዮፑልሞናሪ አረስት፣ ለ ላይ ስትሮክ ጻፍኩ። ወረቀቱ ተመለሰብኝ።»

መመለሱ ልክ ነው። ልብና ትንፋሽ የማይቆምበት ሟች የለም። «አረስት» ስትል መሞቷን ብቻ ነገርከን። እባካችሁ ይህን ቃል ከወረቀቱ አውጡት።

የላክኸውን ማስታወሻ አነበብኩት፣ ሁሉም ነገር እዚያ አለ። ከ6 ዓመት በፊት በኤኮ ሩማቲክ ማይትራል ስቴኖሲስ እንዳለባት ታውቋል። ከ2 ዓመት በፊት ኢሲጂው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አሳየ። ዋርፋሪን ተጀመረላት፣ ከ5 ወር ወዲህ ግን አቋርጣለች። ከዚያ ግራ ጎኗ ሰነፈ፣ ሲቲ ስካኑም የአንጎል ኢንፋርክት አለ። ነርሷ በ3ኛው ቀን «ውሃ ስትጠጣ ያንቃታል» ብላ ጽፋለች። ያቺን መስመር አልፈሃታል። በ8ኛው ቀን ትኩሳትና ሳል መጣ፣ ራጁ ቀኝ ሳንባ ላይ ኒሞኒያ አሳየ። በ11ኛው ቀን ግፊቷ 70/40 ወረደ፣ ፈሳሽ ቢሰጣትም አልተነሳም።

አሁን ከመጨረሻው ቀን ተነስና «ይህ ከምን መጣ?» እያልክ ወደ ኋላ ሂድ። ሾኩ ከምን? ከኒሞኒያው። ኒሞኒያውስ? መዋጥ አቅቷት ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ ስለገባ ነው፣ ይህም ከስትሮኩ መጣ። ስትሮኩስ? ልብ ውስጥ ከረጋ ደም፣ ማለትም ከፊብሪሌሽኑ። እሱስ? ከቫልቩ። ከቫልቩ በታች የምጠይቀው የለኝም፣ እዚያ አቆማለሁ።

ሀ፦ ሴፕቲክ ሾክ፣ 1 ቀን
ለ፦ አስፕሬሽን ኒሞኒያ፣ 4 ቀን
ሐ፦ የአንጎል ኢንፋርክት፣ 12 ቀን
መ፦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ 2 ዓመት
ሠ፦ ሩማቲክ ማይትራል ስቴኖሲስ፣ 6 ዓመት
ክፍል 2፦ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ 10 ዓመት

ከጨረስክ በኋላ ከታች ወደ ላይ «አመጣ» እያልክ አንብበው። ቫልቩ ፊብሪሌሽን አመጣ፣ ፊብሪሌሽኑ ስትሮክ አመጣ፣ እስከ ሾኩ ድረስ። አንዱ ቦታ ላይ ምላስህ ከተያዘ ሰንሰለቱ ተሰብሯል። የጊዜውን ዓምድም እይ። ወደ ታች ሲወርድ ጊዜው መርዘም አለበት። ታች ያለው ከላይኛው ካጠረ የሆነ ነገር ተገልብጧል። ብዙዎቻችሁ ይህን ዓምድ ባዶ ትተዉታላችሁ። አትተዉት። ቀኑ በልክ ባይታወቅ በግምት ሙሉት።

ከፍኖተ ሰላም፣ ጤና መኮንን፦ «ወደ ታች ጊዜው ይርዘም ካልን ስኳሩ 10 ዓመት ነው። ከሁሉም የቆየው እሱ ነው። ታች መሆን የለበትም?»

ግማሹን ይዘሃል። ሰንሰለት ውስጥ የገባ ሁሉ ከላዩ ካለው ቀድሞ መጀመር አለበት። ቀድሞ የጀመረ ሁሉ ግን ሰንሰለት ውስጥ አይገባም። ስኳር የቫልቭ ጥበት አያመጣም። «አመጣ» በለውና አንብበው፣ አይሄድም። ሰውነቷን አዳክሟል፣ ኢንፌክሽኑንም አባብሶት ይሆናል፤ ስለዚህ ክፍል 2 ቦታው ነው።

ከደጀን፣ ጠቅላላ ሐኪም፦ «ግን ስኳር እኮ ራሱ ስትሮክ ያመጣል ዶክተር።»

ያመጣል። ቫልቩና ፊብሪሌሽኑ ባይኖሩ ኖሮ ስኳሩን ከስትሮኩ በታች አስቀምጠው ነበር።

ከደጀን፦ «የአንገቷ የደም ሥር በአልትራሳውንድ ታይቷል?»

ከቡሬ፦ «አልታየም። ማሽኑ እኛ ጋ የለም።»

ከደጀን፦ «እንግዲያው የረጋው ደም ከልብ መምጣቱን በምን አወቃችሁ?»

በእርግጠኝነት አናውቅም። ማይትራል ስቴኖሲስና ፊብሪሌሽን ያለባት፣ ዋርፋሪን ያቋረጠች ሴት ስትሆን እኔ ልብን እጠረጥራለሁ። አንተ ሌላ ልትል ትችላለህ። ወረቀቱ የሚጠይቀው ያከመውን ሐኪም ግምት ነው፣ ያከማት ደግሞ የቡሬው ሐኪም ነው። እሱ ይወስን።

ከሞጣ፣ የጤና መረጃ ባለሙያ፦ «እኛ ጋ ያለው ወረቀት እስከ መ ብቻ ነው። አምስተኛውን የት ይጻፉት?»

ከመ ሥር መስመር ጨምረው ይጻፉ። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አይደርድሩ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ታዲያ ከሚጨመር ቫልቩን ብንተወውስ? ፊብሪሌሽን ካለ ይበቃል።»

በፍጹም! ከታች አይቆረጥም። የግድ መቆረጥ ካለበት ሾኩን ተው። የሞጣዋ እህታችን ኮድ ስትሰጥ መጀመሪያ የምታየው የመጨረሻውን መስመር ነው። ቫልቩን ከተውከው ሴትዮዋ በሩማቲክ የልብ በሽታ ከሞቱት ጋር አትቆጠርም። ይህ በሽታ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የሚመጣ፣ በየወሩ በሚሰጥ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንዳይባባስ የሚያዝ ነው። የወረዳው ቁጥር ላይ «ሴፕሲስ» ብቻ ከተደረደረ ይህን መርፌ ማን ይጠይቃል?

ከሞጣ፦ «እውነት ነው። ትናንት ሴፕሲስ ብቻ የተጻፈበት ሦስት ወረቀት ደርሶኛል። ምን ላድርጋቸው?»

ራስሽ እንዳትሞዪ። ለጻፈው ሐኪም ደውይና «ሴፕሲሱ ከምን?» በይው። ካርዱ ሳይርቅ በዚያው ሳምንት ይሁን።

ከደብረ ማርቆስ፣ ኢንተርን፦ «ባጃጅ የገጨው አባት ዳሌው ተሰብሮ 3 ሳምንት ተኝቶ በኒሞኒያ ሞተ። ኒሞኒያ ብቻ ጻፍን። ልክ ነን?»

አይደላችሁም። ሀ ኒሞኒያ፣ ለ የዳሌ ስብራት፣ ሐ እግረኛ ሆኖ በባጃጅ መገጨት። አደጋው ታች ይቀመጣል፣ 3 ሳምንት ማለፉ አይቀይረውም። የት እና መቼ እንደተገጨም ጻፉ። ለፖሊስ መነገሩን አረጋግጡ።

ከዳንግላ፦ «አባቴ ባለፈው ወር አረፈ። የሞት ወረቀቱን ለውርስ ፈልጌ ነበር፣ ስሙ ላይ ፊደል ተሳስቷል። ምን ላድርግ?»

ነፍስ ይማር። ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም ወንድሜ። የቀበሌው ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጋ ሂድ።

ስም ያልገለጸ፦ «ዶክተር፣ የልብ ድካም ብቻ ብጽፍ ይበቃል?»

ከላይ ያለውን አላነበብክም። የልብ ድካሙ ከምን? ከቫልቭ? ከግፊት? ከደም ማነስ? መልሱ ካርዱ ላይ አለ። ሳታነብ አትጠይቅ።

ስም ያልገለጸ፦ «በአጠቃላይ እንዴት ነው የሚሞላው?»

ካርድ ይዘህ ና።

ከቡሬ፦ «አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ከአባይ በረሃ ተሸክመው ያመጡት ወጣት 20 ደቂቃ ሳይቆይ አረፈ። ቤተሰቡ «5 ቀን አተኮሰው» ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም። ወባ ልበለው? ሰፈሩ ወባማ ነው።»

ደም ታየ?

ከቡሬ፦ «አልደረስንም።»

ያልታየ ወባ አትጻፍ። «ትኩሳት፣ 5 ቀን፣ ምክንያቱ አልታወቀም» በል። እንዲህ የሚል ወረቀት ደካማ ነው፣ ግን አይዋሽም። ቤተሰቡ ገና ካልሄደ ግን ተመልሰህ ጠይቅ። ተንቀጥቅጦ ነበር ወይ? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር? ሽንቱ ጠቁሮ ነበር? አንገቱ ገትሮ፣ ይዘባርቅ ነበር? የመለሱልህን ካርዱ ላይ ጻፈውና ነገ ላክልኝ።