መጀመሪያ ምን ሆነ?

ውድ ወጣቶች፣ በተለይ በቅርቡ ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ታካሚ ማየት የጀመራችሁ፣

ረጅም ዓመት የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሳክም የኖርኩ ሐኪም ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ታካሚ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራችሁ መጨረሻውን ነው። «ወደቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ግን መጨረሻው የብዙዎቹ ይመሳሰላል። ዓይነቱን የሚለይላችሁ አጀማመሩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች።

ይህን በደንብ የሚያሳዩት ደግሞ የሚወድቁት ሰዎች አይደሉም። ዝም ብለው የሚፈዙት ናቸው። ሁለት ታካሚዎች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። መምህሯ «ክፍል ውስጥ ትፈዛለች፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው» ብላ እናቷን ጠርታ ነበር። ሁለተኛው የ24 ዓመት ልብስ ሰፊ ነው። እሱንም ያመጣው ታላቅ ወንድሙ «አንዳንዴ ይፈዝብናል» ነው ያለኝ። ቃሉ አንድ ነው። አንጎላቸው ውስጥ የሚሆነው ግን በጣም ይለያያል። መድኃኒታቸውም እንደዚያው።

በልብስ ሰፊው እንጀምር። ወንድሙን ትንሽ ዝም አሰኝቼ ራሱን ጠየቅኩት። «ከመፍዘዝህ በፊት ምን ይሰማሃል?» ትንሽ አፍሮ ነገረኝ። ከሆዱ አንድ ነገር ተነስቶ ወደ ጉሮሮው ይወጣል። ከዚያ ያለ ምክንያት ፍርሃት ይይዘዋል። አንዳንዴ እዚያው ብቻ ይቆማል፤ ማንም ሳያውቅበት ስፌቱን ይቀጥላል። አንዳንዴ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውስም። የቀረውን ወንድሙ ጨረሰልኝ። ዓይኑ ይፈጣል፣ አፉ ባዶውን ያኝካል፣ ቀኝ እጁ ጨርቁን ይነካካል፣ ግራ እጁ ደግሞ ጠምዘዝ ብሎ ይደርቃል። አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይቆያል። ሲነቃም ቶሎ አይነቃም። ለደቂቃዎች ግራ ይገባዋል፤ መቀሱ ፊቱ ተቀምጦ «መቀሴ የት ሄደ?» ይላል።

ይህ ፎካል ነው። ከአንድ ቦታ የሚነሳ ማለት ነው። የእሱ የሚነሳው በቀኝ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከቴምፖራል ሎብ ነው። ቀኝ መሆኑን በምን አወቅሁ? በደረቀው ግራ እጅ። የአንጎል ቀኝ ግማሽ የሚያዘው ግራውን የሰውነት ክፍል ነው። የሚነካካው እጅ ብዙም አይነግራችሁም፤ የሚደርቀው ግን ይነግራችኋል።

እዚያ ቦታ ምን ይሆናል? የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ነው። ግሉታሜት የሚባለው ኬሚካል «ተኩስ» ይላል፤ ጋባ የሚባለው «ተው» ይላል። ጤነኛ አንጎል በእነዚህ ሁለቱ ሚዛን ይኖራል። ልብስ ሰፊው በልጅነቱ ትኩሳት ይዞት ለረጅም ጊዜ ተንቀጥቅጦ እንደነበር እናቱ ታስታውሳለች። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለባቸው ሰዎች በዚያው በቴምፖራል ሎብ ውስጥ ባለው ሂፖካምፐስ ላይ ጠባሳ ሊገኝ ይችላል። በኤምአርአይ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። በጠባሳው ዙሪያ ያሉት ሴሎች ሚዛናቸውን ሲስቱ ብዙዎቹ በአንድ ላይ፣ ደጋግመው መተኮስ ይጀምራሉ። ዙሪያቸው ያሉት ጋባ የሚረጩ ሴሎች ለጊዜው አጥር ሆነው ይገቱታል። አጥሩ ከያዘ ሰውየው የሆድ ስሜትና ፍርሃት ብቻ ተሰምቶት ያልፋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ የሆድ ስሜት ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም። ራሱ ሕመሙ ነው፤ ገና ጠባብ ቦታ ላይ ያለ ሕመም። ፍርሃቱ የመጣው አሚግዳላ የምትባለው የፍርሃት ማዕከል ጎረቤት ስለሆነች ነው። ስለዚህ «ስሜቱ ብቻ ነው የመጣብኝ፣ አልጣለኝም» የሚል ታካሚ ሕመሙ ቆሞለታል ብላችሁ አትመዝግቡ።

አጥሩ ከተሰበረ ግን ተኩሱ ይዛመታል። ሰውየው ራሱን የሚስተው ቴምፖራል ሎብ ስለተነካ ብቻ አይደለም። መልእክቱ ንቁ አድርገው ወደሚያቆዩን ወደ ታችኞቹ የአንጎል ክፍሎች ይደርስና ሥራቸውን ያውካል። ያን ጊዜ የቀረው አንጎል በከባድ እንቅልፍ ላይ ያለ ዓይነት ዘገምተኛ ሞገድ ያሳያል። ዓይኑ ተከፍቶ ሰውየው የለም። ይባስ ብሎ ወደ ሌላኛው የአንጎል ግማሽ ከተሻገረ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊው አንድ ሌሊት ምላሱን ነክሶ፣ ልብሱን አርጥቦ ያደረው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ሌሊት ብቻ ያየ ሰው ከሥሩ ጀነራላይዝድ፣ ማለትም ከመነሻው ሁለቱንም የአንጎል ግማሾች የሚይዝ ነው ብሎ ይምል ነበር።

አሁን ወደ ትንሿ ልጅ። «ከመፍዘዝሽ በፊት ምን ይሰማሻል?» ስላት ጥያቄው ራሱ አልገባትም። ምንም አይሰማትም። መፍዘዟንም አታውቅም። እናቷ እንዳለችው ዓረፍተ ነገር ጀምራ መሃል ላይ ቀጥ ትላለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች። በቀን ብዙ ጊዜ ነው የሚሆነው።

እዚህ ላይ መሣሪያ የማይፈልግ ምርመራ አለ። አንድ ቁራጭ ወረቀት ፊቷ ላይ ያዝኩና «ይህን እየነፋሽ አወዛውዢው፣ እስክልሽ አታቁሚ» አልኳት። በረጅሙ፣ በፍጥነት፣ እስከ ሦስት ደቂቃ ድረስ ነው የሚነፋው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀቱ ቀጥ አለ። ዓይኗ ወደ ላይ ትንሽ ሄደ፣ ሽፋሽፍቷ ተርገበገበ። በዚያው መሃል «በሬ» አልኳት። ስምንት ሰከንድ ያህል ቆይታ መንፋቷን ቀጠለች። «ምን አልኩሽ?» ብላት «ምንም» አለችኝ። አልወደቀችም፣ ግራም አልገባትም። እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ስትቆጣት የኖረችው ለዚህ ነበርና። (የልብ፣ የከባድ ሳንባ ወይም የሲክል ሴል ሕመም ያለበትን ልጅ፣ በቅርቡ ስትሮክ የመታውንም ሰው እንዲህ አታስነፉ።)

ይህ አብሰንስ ይባላል፤ ከጀነራላይዝድ ወገን ነው። በአንጎሏ ውስጥ ጠባሳ የለም፣ ኤምአርአይዋም ንጹህ ነው የሚሆነው። ችግሩ ያለው በአንጎል ውጫዊ ክፍል በኮርቴክስና መሃል ላይ በተቀመጠው በታላመስ መካከል ባለው ዙር ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ እየተመላለሱ ይነጋገራሉ። ስንተኛ ታላመስ የራሱን ምት ይመታል፤ ለዚያ የሚያገለግሉ ቲ-ታይፕ የሚባሉ የካልሲየም በሮች አሉት። በዚህች ልጅ ላይ ዙሩ በጠራራ ፀሐይ በዚያ የእንቅልፍ በር ይገባና በሰከንድ ሦስት ጊዜ ገደማ እየመታ ሁለቱንም የአንጎል ግማሾች አብሮ ይዞ ይሄዳል። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢኢጂ ላይ ሹል፣ ከዚያ ሞገድ፣ ሹል፣ ከዚያ ሞገድ ታያላችሁ። ይህን ቅርጽ ጊብስ፣ ዴቪስና ሌኖክስ በ1935 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ ነው ያሳወቀን።

በሠርግ ቤት ብናየው፣ የልብስ ሰፊው ከአንድ ጠረጴዛ ተነስቶ ጎረቤት ለጎረቤት የሚዛመት ጭብጨባ ነው። የልጅቷ ደግሞ ከበሮው ሲመታ ድንኳኑ በሙሉ እኩል የሚያጨበጭበው ነው። ለዚህ ነው የእሷ ድንገት ጀምሮ ድንገት የሚያበቃው። የእሱ ግን ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎም ይወጣል፤ ደክመው የቀሩት ሴሎች እስኪያገግሙ ጊዜ ይፈልጋሉና።

አንድ ማረሚያ ልጨምር። ጀነራላይዝድ ሲባል መላው አንጎል በአንዲት ቅጽበት አብሮ ይነሳል ማለት አይደለም። ይህም ቢሆን ከአንድ ነጥብ ሊነሳ ይችላል። ግን ወዲያውኑ ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዘው መረብ ውስጥ ይገባል፤ መነሻውም በየጊዜው ሊቀያየር ይችላል። ፎካሉ በአንድ ግማሽ ውስጥ ባለ መረብ ይጀምርና ብዙ ጊዜ ያንኑ መንገድ ይደጋግማል።

ይህ ሁሉ ልዩነት የሚያስከፍለው መድኃኒቱ ላይ ነው። ካርባማዘፒን ለልብስ ሰፊው ጥሩ ነው። ደጋግመው የሚተኩሱ ሴሎችን የሶዲየም በር ይዘጋል። ለልጅቷ ብትሰጡት ግን የታላመሱን ዙር አይሰብርም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ፌኒቶይንም እንደዚያው ነው። ለእሷ የመጀመሪያው ምርጫ ያንን የካልሲየም በር የሚይዘው ኢቶሰክሲማይድ ነው። እሱ ካልተገኘ ቫልፕሮኤት ይሠራል። ቫልፕሮኤት ግን በእርግዝና ጊዜ ጽንስ ይጎዳል፤ ስለዚህ ልጅቷ ከማደጓ በፊት ከእናቷ ጋር ይህን ተነጋገሩ። «መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ባሰበት» ሲሏችሁ መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት ዓይነቱን ተጠራጠሩ።

የሚወድቀውስ ሰው? መላ ሰውነት የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት መጀመሪያ ያደርቃል። ሴሎቹ ያለ ፋታ ይተኩሳሉ፤ የደረት ጡንቻ አየሩን ሲገፋው ያ አስፈሪ ጩኸት ይወጣል። ከዚያ ጋባው ብቅ ጥልቅ እያለ ተኩሱን ይቆራርጠዋል፤ መንቀጥቀጡ ይኼ ነው። ክፍተቱ እየሰፋ ይሄድና ብዙውን ጊዜ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይቆማል። ክብሪት አስሽትተው «አዳንነው» የሚሉ ሰዎች ያንን የሚቆምበትን ሰዓት ነው ያገኙት። ክብሪቱ ትርፉ ቃጠሎ ነው። ሰውየውን በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ራሱ እስኪቆም አትጠብቁ፤ በመድኃኒት የሚቆም ድንገተኛ ነው፣ ወደ ሕክምና አድርሱት።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ያየውን ሰው ፈልጉ። አንገቱ መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን ዞረ ወይ? አንድ እጅ ቀደመ ወይ? ከነቃ በኋላ አንድ ጎኑ ለሰዓታት ደክሞ ነበር ወይ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ፎካል መሆኑን ጠርጥሩ። ታካሚዋ ልጅ እግር ከሆነች ደግሞ «ጠዋት ስትነሺ እጅሽ ድንገት እየነጠረ ሻይ ይደፋብሻል?» በሏት። አዎ ካለች ጀነራላይዝድ ነው የሚሆነው፤ ካርባማዘፒን እዚህም አይሆንም። አሁን ሁሉም ሰው ስልክ ይዟል። «ሲጀምረው ቅረጹልኝ፣ ፊቱንም እጁንም» በሉ። ኢኢጂ ንጹህ ሆኖ ቢመጣ እንኳ ያ ቪዲዮ ሥራውን ይሠራል፤ አንድ ንጹህ ኢኢጂ በሽታው የለም አያሰኝምና።

አንዳንዴ ግን አጀማመሩን ያየ ሰው አታገኙም። ሰውየው ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ወይም ተኝቶ ነው የሚይዘው። ያን ጊዜ ካርዱ ላይ «አጀማመሩ ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። ይህ በዓለም አቀፉ አመዳደብ ራሱን የቻለ መደብ ነው። መድኃኒቱንም ለሁለቱም ወገን ከሚሆኑት ምረጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቁት።