ፀጉርና መነፅር ፎቶ ላይ ስትሞክሪ ፊትሽ እንዳይቀየር

«ልቆረጥ አስቤ አዲስ ስታይል ፎቶዬ ላይ እየሞከርኩ ነው። ግን አፑ ፀጉሩን ሲቀይር ፊቴንም አብሮ ይቀይረዋል። ፊቴ እንዳለ ሆኖ ፀጉሩን ብቻ፣ ከተቻለም መነፅር፣ መሞከር የሚቻልበት መንገድ አለ?»

አለ እህቴ። ግን መቀሱ ከመነሳቱ በፊት የእኔን ጉድ ስሚ።

አንድ አፕ ላይ አገጭ ድረስ የሚደርስ ቁርጥ ሞከርኩ። አማረብኝ። በጣም አማረብኝ፤ መጠርጠር የነበረብኝም እዚያ ላይ ነበር። ፎቶውን ይዤ ሄድኩ፣ ፀጉር ሠሪዋ ልክ እንደ ፎቶው አድርጋ ቆረጠችው፣ መስታወት ሳይ ግን ፎቶው ላይ ያለችው ሴት የለችም። ማታ በንዴት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ ከመንጋጋ እስከ መንጋጋ ለካሁ። የእኔ 412 ፒክስል ነው። አፑ የሰጠኝ 381። ፊቴን ሰባት ተኩል ከመቶ ያህል አጥብቦታል ማለት ነው። ያማረብኝ ለካ ፀጉሩ ሳይሆን የሌላ ሰው መንጋጋ ነው! ለአፑ ባለቤቶች ብጽፍላቸው «ውጤቱ ለመዝናኛ ብቻ ነው» አሉኝ። ክፍያ ሲቀበሉ መዝናኛ ነው አላሉኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ አፖች ፀጉሩን ለይተው አይነኩም። ፎቶውን በሙሉ ከአዲስ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ የሚሰጡሽ ፊት አንቺን የሚመስል ፊት እንጂ የአንቺ ፊት አይደለም። እንግዲህ በተራ ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ፎቶውን አስተካክዪ። ፀጉርሽን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርገሽ አስረሽ ተነሺ፣ ግንባርሽና ጆሮሽ በደንብ ይታዩ። እኔ ፀጉሬን ለቅቄ የተነሳሁትን ነበር የሰጠሁት። ፀጉር የሸፈነውን ነገር ማሽኑ አያውቀውም፣ ከራሱ ፈጥሮ ነው የሚሞላው። ጆሮዬን ትንሽዬ አድርጎ ፈጠረልኝ፣ የእኔ ጆሮ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ስልኩንም ፊትሽ ላይ አትደግኚው። ከቅርብ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ያሸሻል። ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ሌላ ሰው ያንሳሽ፣ ከዚያ ቆርጠሽ አቅርቢው።

2. ፊትሽን መልሰሽ አምጪ። ዋናው ይሄ ነው። አፑ የሰጠሽን ፎቶ GIMP ላይ ክፈቺ፤ ነፃ ፕሮግራም ነው። የራስሽን ፎቶ ከላዩ ሌላ ሌየር አድርገሽ አስቀምጪ። ዓይን ከዓይን እስኪገጥም አስተካክዪ፤ አፖች ፎቶውን ስለሚያሳንሱት መጠኑ አንድ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ለላይኛው ሌየር ማስክ ጨምሪና ፀጉሩ ያለበትን ቦታ ጫፉ በለሰለሰ ብሩሽ ጥቁር ቀቢው። የተቀባው ይጠፋና ከሥር አዲሱ ፀጉር ይወጣል። ፊቱ የራስሽ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ጠርዙን እዪ። እኔ ይህን ከተቆረጥኩ በኋላ ስሞክረው አዲሱ ፀጉር ጉንጬ ላይ አልደረሰም። ፀጉሩ የተሠራው ለጠበበው ፊት ስለሆነ የእኔ ጉንጭ ተርፎ ሄዶበታል። በጆሮና በአገጭ መካከል እንዲህ ሳይገጥም ሲቀር ካየሽ አፑ መንጋጋሽን ነክቶታል። ፀጉሩን ጎትተሽ ለማስገጠም አትድከሚ፣ ያንን ፎቶ ተዪው።

ኮምፒውተርሽ አቅም ካለው ደግሞ ከመጀመሪያው ፀጉሩን ብቻ የሚቀይር መንገድ አለ። እኔ አሁን Stable Diffusion በሚባለው ምስል ሠሪ AI ላይ Inpaint በሚለው ነው የምሠራው። የሚቀየረውን ቦታ በብሩሽ ትቀቢያለሽ፣ ያልተቀባው ይተዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ያቃጠለኝ ነገር Denoising strength የሚለው፣ የተቀባው ቦታ ምን ያህል እንደሚቀየር የሚወስነው ቁጥር ነው። 0.4 ላይ አድርጌው ረጅሙ ፀጉሬ እንደ ጥላ እየቀረ አስቸገረኝ። ርዝመት ለመቀየር 0.9 አካባቢ ይፈልጋል። የምትቀቢውም አሮጌው ፀጉር ያለበትንም አዲሱ የሚያርፍበትንም ነው። ረጅም ፀጉር ለመሞከር ትከሻሽንም ቀቢ፣ አለበለዚያ ፀጉሩ አንገት ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ግንባር ላይ የፀጉሩን መነሻ ትንሽ አልፈሽ ቆዳውንም ንኪ፣ የቀባሽውን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን Mask blur የሚለውንም ከ4 ወደ 10 ገደማ ከፍ አድርጊው፤ አለዚያ ዊግ ይመስላል። ቅንድብ ላይ ግን እንዳትደርሺ።

በየትኛውም መንገድ ሥሪው፣ ሳታጣሪ አትመኚ። GIMP ላይ የመጀመሪያውንና አዲሱን ፎቶ ደራርበሽ የላይኛውን ሌየር Mode የሚለውን Difference አድርጊው። ያልተቀየረ ቦታ ድቅድቅ ጥቁር ይሆናል። ፀጉሩ ብቻ በርቶ ፊቱ ከጠቆረ በጄ። የዓይን፣ የአፍንጫና የአገጭ ቅርጽ በብርሃን መስመር ከታየሽ ግን ተነክቷል። ፎቶውን ሁሌ በ PNG አስቀምጪ፣ JPEG ራሱ ፒክስሎቹን ስለሚያበላሽ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ይመጣና ያደናግርሻል።

3. መነፅር። እዚህስ እኔ አልተሸወድኩም፣ የታናሽ እህቴን ገንዘብ ያዳንኩት እኔ ነኝ። የምትሞክርበት አፕ ሁሉንም ፍሬም ለፊቷ ልክ አድርጎ ያሳንሳል ወይ ያሳድጋል፣ ስለዚህ ሁሉም ያምርባታል። መነፅር ቤት ሄደን ልኩን ስንጠይቅ ሻጩ «በፎቶ ነው እንዴ የምትለኩት?» ብሎ ሳቀብን። አዎ፣ በፎቶ ነው የለካነው!

የባንክ ካርድ ረጅሙ ጎን 85.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትም ብትሄጂ አንድ ነው። ካርዱን ግንባሯ ላይ ለጥፋ አነሳኋት። ፎቶው ላይ 428 ፒክስል ሆነ፣ ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር 5 ፒክስል ነው። የፍሬሙ እጀታ ውስጥ 52□18 140 ተጽፏል። 52 የአንዱ ሌንስ ወርድ ነው፣ 18 በሁለቱ መካከል አፍንጫ ላይ ያለው፣ 140 የእጀታው ርዝመት። እንግዲህ የፍሬሙን ፎቶ አንዱ ሌንስ 260 ፒክስል፣ መካከሉ 90 ፒክስል እስኪሆን አስተካክዬ፣ ጀርባውን አጥፍቼ ፊቷ ላይ አስቀመጥኩት። ፊቷን ምንም የነካው የለም፣ ፍሬሙ ከላይ የተቀመጠ ሌየር ነው። ከሌንስ መሐል እስከ ሌንስ መሐል 70 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ የዓይኗ ብሌኖች መካከል ያለው ግን 62። ስለዚህ ዓይኖቿ በየሌንሱ ከመሐል 4 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫ ተጠግተው ታዩ። ሰፊ ነው፣ ተወችው፣ 48 የሚል ፈለገች።

አንድ ነገር ይህ ዘዴ አያሳይሽም። እንደ እኔ የሩቁን የማታዪና ቁጥርሽ ከፍ ያለ ከሆነ ሌንሱ ዓይንሽን ያሳንሰዋል፣ የፊትሽንም ጠርዝ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ፎቶ ላይ የተለጠፈ ፍሬም ባዶ ስለሆነ ያ የለበትም።

ፀጉሬ አሁን አድጓል። ባለፈው ሁለተኛ ቁርጥ ስሄድ በራሴ ፊት የተሠራውን ፎቶ ነው የያዝኩት። ፀጉር ሠሪዋ አይታው «ይሄ እንኳን አንቺን ይመስላል» አለችና ፀጉሬን በጣቷ እያሻሸች «ግን ያንቺ ከዚህ ይሳሳል፣ ሁለት ጣት ላስረዝመው» አለችኝ። እሺ አልኳት።