ጥምቀት በ20፣ ዶሮ በዓርብ፦ ስለ በዓል ፖስቶች የጠየቃችሁኝ

ሐዋሳ ውስጥ ካፌ፣ ልብስ ቤት ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ቻናል የምታንቀሳቅሱ ሰዎች ሰሞኑን ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ነገር ያመራሉ። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፣ በዓሉ ግን የእኛን ይከተላል። እስቲ የተወሰኑትን እንያቸው።

«ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብዬ በየዓመቱ እንዲደጋገም ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። ጓደኛዬ ይሳሳታል አለኝ። እውነት ነው?» (የካፌ ባለቤት፣ አቶቴ)

ጓደኛህ ልክ ነው። በ2019 ዓ.ም. ምንም አይሆንም፣ ጥር 11 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2027 ላይ ይውላል። በ2020 ግን ጃንዋሪ 20 ነው። ስልክህ አንድ ቀን ቀድሞ፣ በከተራ ዕለት፣ «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ» ብሎ ይለጥፋል።

ምክንያቱ ጳጉሜን ናት። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም በዓል በፈረንጁ አቆጣጠር አንድ ቀን ይገፋል። መስቀል ወደ ሴፕቴምበር 28፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ዲሴምበር 29 ይሄዳል። መገፋቱ የሚያበቃው ፈረንጆቹም በተራቸው ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ነው። ለዚህ ነው ዓድዋ ሁልጊዜ ማርች 2፣ ፍልሰታም ሁልጊዜ ኦገስት 7 የሚሆኑት። እነሱ ከፌብሩዋሪ ወዲህ ናቸው፣ አይነካቸውም።

አንድ የማይገፋ በዓል አለ፣ ገና። ከሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን 28 ነው። ስለዚህ በፈረንጁ ጃንዋሪ 7 ላይ እንደጸና ይቆያል። በ2016ም እንዲሁ ነበር፣ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ዋሉ። «ገና ካልተገፋ ጥምቀትም አይገፋም» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

መፍትሔው የፈረንጁን ቀን መመዝገብ መተው ነው። አንድ የጉግል ሺትስ ወይም የኤክሴል ሰንጠረዥ ክፈት። የመጀመሪያው ዓምድ የእኛ ዓመተ ምሕረት፣ ሁለተኛው የወሩ ቁጥር (መስከረም 1፣ ጥር 5 እያልክ)፣ ሦስተኛው ቀኑ ይሁን። አራተኛው ላይ ይህን ጻፍ፦

```
=DATE(A2+7,9,11)+(MOD(A2,4)=0)+(B2-1)*30+C2-1
```

2020፣ 5 እና 11 ብትሰጠው ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይሰጥሃል። ትልቅ ቁጥር ብቻ ካሳየህ አትደንግጥ፣ ሴሉን ወደ ቀን ፎርማት ቀይረው። መሐል ላይ ያለችው `MOD` ዘመነ ዮሐንስን የምታውቀው እሷ ናት፣ ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አንድ ቀን ትጨምራለች። ለገና ብቻ በዚያ ዓመት 28 ብለህ በእጅህ አስገባ። ቀመሩ እስከ ፈረንጆቹ 2099 ድረስ ያገለግላል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለልጅ ልጆቻችን እንተውላቸው።

«የጾም ምግብ ዝርዝራችንን የምናወጣው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ዘንድሮ ፌብሩዋሪ 16 ገብቷል። ለሚቀጥለው ዓመት አሁኑኑ ማወቅ እችላለሁ ወይስ አጽዋማት የያዘው የግድግዳ ካላንደር እስኪወጣ ልጠብቅ?» (የምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ)

መጠበቅ አያስፈልግዎትም። ፌብሩዋሪ 16ን ግን ይርሱት። በ2019 ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29፣ ማለትም ማርች 8 ቀን 2027 ነው። ከዘንድሮው የካቲት 9 ጋር ሲያስተያዩት 20 ቀን ይዘገያል። የዘንድሮውን ቀን ቢደግሙት ነነዌ እንኳ ሳይገባ፣ ሰው ጥብስ እያዘዘ፣ እርስዎ ሽሮና ተጋቢኖ ሲያስተዋውቁ ይገኛሉ።

የሚንቀሳቀሱት አጽዋማትና በዓላት ሁሉ የተንጠለጠሉት በአንድ ቀን ላይ ነው፣ በጾመ ነነዌ ሰኞ። እሱን ካገኙ ሌላው መደመር ብቻ ነው። የ2019ን አብረን እናውጣው።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩ፣ 7519 ዓመተ ዓለም ይመጣል። ለ19 ሲያካፍሉት ቀሪው 14 ነው። አንድ ይቀንሱ፣ ወንበሩ 13 ሆነ። ወንበሩን በ19 ያባዙ፣ 247። ይህን ለ30 ሲያካፍሉ ቀሪው 7 ነው፣ መጥቅዕ ማለት እሱ ነው።

አሁን መጥቅዑ ከ14 ያንሳል ወይስ ይበልጣል? ካነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ከበለጠ በመስከረም ይውላል። የእኛው 7 ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 7 ቀን 2019ን ይዘን ዕለቱን እናያለን። ቅዳሜ ነው። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 7 እና 8 ሲደመሩ 15፣ መባጃ ሐመር ተገኘ። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ነነዌ በየካቲት ትውላለች፤ የካቲት 15።

መጥቅዑ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ትገባለች። ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን 30 ቀንሰው የቀረውን በየካቲት ይያዙት። ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህችን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ከነነዌ ዐቢይ ጾም 14 ቀን፣ ሆሣዕና 62፣ ስቅለት 67፣ ፋሲካ 69፣ ጾመ ሐዋርያት 119 ቀን ይርቃሉ። ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ወር መቀየር እንኳ አያስፈልግዎትም። ወሩን 6 ብለው ቀኑን 15+69፣ ማለትም 84 ብለው ይጻፉት። «የካቲት 84» ብሎ ነገር የለም፣ ቀመሩ ግን ሳያጉረመርም ሜይ 2 ቀን 2027 ይልዎታል። ሚያዝያ 24 ነው፣ ፋሲካ።

ስሌቱ መሳሳቱን የሚያውቁት በዕለቱ ነው። ነነዌ ሰኞ ካልሆነ፣ ፋሲካም እሑድ ካልሆነ የሆነ ቦታ ስተዋል። ነነዌ ከጥር 17 በፊት ወይም ከየካቲት 21 በኋላ ከመጣም እንደዚያው።

ምግብ ቤት ስለሆኑ አንዲት ነገር ልጨምር። የሰኔ ጾም የሚባለው ጾመ ሐዋርያት መፍቻው ሐምሌ 5 ላይ የቆመ ነው፣ መግቢያው ግን ፋሲካን ተከትሎ ይሄዳል። ዘንድሮ ከግንቦት 24 ጀምሮ 41 ቀን ተጾመ። በ2019 ሰኔ 14 ገብቶ 21 ቀን ብቻ ነው። የጾም ዝርዝሩን «ስድስት ሳምንት» ብለው ካሳተሙት ግማሹ ይተርፍዎታል።

«ፋሲካ ላይ የዶሮ ወጥ ፎቶ ከእንኳን አደረሳችሁ ጋር ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት እንዲወጣ ሼጁል አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ቀድሞ ወጣ፣ ሰው ሰደበን። ቀኑን ግን አልተሳሳትኩም!» (አድሚን)

ቀኑን አልተሳሳትሽም፣ ስልኩ ነው ቀን የሚጀምረው በሌላ ሰዓት። ለእኛ ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ማለት ቅዳሜ አምሽቶ፣ ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ለስልኩ ግን ቀን የሚቀየረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው፣ እሱ 12:00 AM የሚለው። ስለዚህ ያንቺ ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ለእሱ እሑድ 3:00 AM ነው። ቅዳሜን መርጠሽ 3:00 AM ስትዪው የዓርብ ለቅዳሜ ሌሊትን ያዘ። ሰው ስቅለትን ሰግዶ፣ አክፍሎ ተኝቶ ሳለ ዶሮሽ ወጣ። ስድቡ ብዙም አይገርምም።

ለሌሊት ፖስት «ቅዳሜ ለእሑድ» ብለሽ አስቢና ሁልጊዜ ሁለተኛውን ስም ምረጪ። ሰዓቱን ስትቀይሪ 6 ደምሪ ወይም ቀንሺ፣ እሱ ያን ያህል አያስቸግርም። እንደው ለጥንቃቄ፣ ሼጁል ካደረግሽ በኋላ ቴሌግራም የሚያሳይሽን ቀን ጮክ ብለሽ አንብቢው። «ኤፕሪል 11» ብሎ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ትነቂ ነበር፣ ፋሲካው 12 ላይ ነበርና።

«ለ2019 እንቁጣጣሽ ዶሮ ላይ ቅናሽ ልናደርግ ነው። ፖስቱን ለመስከረም 1 ጠዋት አስቀምጠነዋል። ሌላ የሚታይ ነገር አለ?» (ዶሮ ሻጭ)

አለ፣ ዕለቱ። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ነው። ረቡዕና ዓርብን የሚያስፈስኩት ገናና ጥምቀት፣ እንዲሁም ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ናቸው። እንቁጣጣሽ ከእነሱ ውስጥ የለችም። ብዙ ኦርቶዶክሳዊ ቤት ዶሮው ቅዳሜ ይበላል ማለት ነው። ሽያጩ ግን ከዋዜማው በፊት ነውና ቅናሹን ለጳጉሜን 3 እና 4 አምጡት። የመስከረም 1 ጠዋቱ ፖስት አደይ አበባና መልካም ምኞት ብቻ ቢሆን ይሻላል። ሰንጠረዡ ላይ `=TEXT(D2,"dddd")` የሚል አምስተኛ ዓምድ ብትጨምሩ የእያንዳንዱን በዓል ዕለት ይነግራችኋል። በመጪው ዓመት በብዛት የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

«ፍቼ ጫምባላላንና ኢድንስ በዚሁ ቀመር ማውጣት ይቻላል?» (የልብስ ቤት ባለቤት)

አይቻልም፣ አትሞክረው። ፍቼን የሚወስኑት አያንቶዎች ከዋክብትንና ጨረቃን አይተው ነው። ቀኑ ከእነሱ አፍ ሲወጣ ነው ቀን የሚሆነው። ኢድም ጨረቃ መታየቷን ይጠብቃል፣ በየዓመቱም በፈረንጁ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል፤ ስለዚህ ግምት መያዝ ትችላለህ፣ ቁርጥ ቀን ግን አትይዝም።

ለእነዚህ ሼጁል አታድርግ። ጽሑፉንና ፎቶውን አዘጋጅተህ በድራፍት አስቀምጥ፣ ግምቱ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሚያስታውስህ ነገር ስልክህ ላይ ሙላ። ቀኑ ሲታወጅ ከጉዱማሌ ዜናው እንደደረሰህ «ላክ» ማለት ብቻ ይቀርሃል። ጽሑፉ ውስጥ ግን ቀን አትጻፍ። «ነገ» የምትለዋንም ቃል አውጣት፣ ድራፍት ላይ የቆየች «ነገ» ስትወጣ ትናንት ሆና ነው የምትገኘው።